የባንክ መግለጫን ከግል የሂሳብ መዝገብ ጋር ማስታረቅ

የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ የሚባለው ባንኩ ያወጣውን መግለጫ ወይም ስቴትመንት ባለሂሳቡ ራሱ ከያዘው የገቢና ወጪ መዝገብ ጋር መስመር በመስመር እያመሳከሩ፣ በአንዱ ኖሮ በሌላው የጎደለውን ወይም ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ለይቶ የማውጣት ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ አንዱ የስህተት ምንጭ የቀን አቆጣጠሩ ነው። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተያዘ፣ የጥር 2017ን ሂሳብ ለማስታረቅ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ያለው መግለጫ ያስፈልጋል። የጃንዋሪን መግለጫ ብቻ የወሰደ ሰው የታኅሣሥ የመጨረሻ 8 ቀናት ሲጨመሩበት የጥር የመጨረሻ 7 ቀናት ይጎድሉበታል። ያልተገናኙት መስመሮች በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ተሰብስበው ከታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የመነሻ ቀሪው ካለፈው ወር ከታረቀው ቀሪ ጋር እኩል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሁለቱም በኩል የተገኘው መስመር ሁሉ ራይት ይደረግበታል። ማመሳከሪያው ከቀኑ ይልቅ የገንዘቡ መጠንና የግብይት ቁጥሩ ቢሆን ይሻላል፤ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውሮች ላይ በFT የሚጀምረው ቁጥር ለዚህ ይጠቅማል።

ለምሳሌ መዝገቡ 24,310 ብር፣ መግለጫው ደግሞ 29,458.50 ብር ያሳያሉ እንበል። ራይት ያልተደረገባቸው መስመሮች ሲታዩ፣ 1,250 ብር የመብራት ክፍያ አንድ ጊዜ ከስልክ መልእክቱ፣ ሌላ ጊዜ ከደረሰኙ ተገልብጦ ሁለቴ ተመዝግቧል። 540 ብር የወጣበት ግዢ 450 ተብሎ ተጽፏል፤ የ11.50 ብር የአገልግሎት ክፍያም ጨርሶ አልተመዘገበም። መዝገቡ ላይ 1,250 ተመልሶ፣ 90 እና 11.50 ሲቀነሱ 25,458.50 ብር ይሆናል። በባንኩ በኩል የቀረው ልዩነት 4,000 ብር ሲሆን፣ ይህም ተጽፎ የተሰጠ ነገር ግን ተቀባዩ ገና ያልመነዘረው ቼክ ነው። እሱ ከመግለጫው ሲቀነስ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

መንስኤው ያልታወቀ ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ እንደዚህኛው 90 ብር፣ አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። የልዩነቱ ግማሽ በመዝገቡ ከተገኘ ደግሞ ገቢ የሆነው ወጪ፣ ወይም ወጪው ገቢ ተብሎ ሳይጻፍ አይቀርም። ሁለት ስህተቶች እርስ በርስ ሲጣፉ ግን ድምሩ ምንም ስለማያሳይ፣ ራይቱ በየመስመሩ መደረጉ የግድ ነው።

የተሳሳተውን መስመር ሰርዞ ማረም ለግል መዝገብ ይበቃል የሚሉ አሉ። ሙያውን የተማረ ሰው ግን መስመሩን ሳይነካ የማስተካከያ መስመር ይጨምራል፤ ይህም ያለጥርጥር የተሻለው ነው። ያልተመነዘረው ቼክ ማስተካከያ አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ በቀጣዩ ወር ማስታረቂያ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል፣ ባንኩ ሲከፍለውም ራይት ይደረግበታል።