የሽንቱን ሶዲየም ሳያዩ የሽንቱን ጋፕ አያንብቡ

«ደሟ አሲድ በዝቶበታል፣ ፖታሲየሟ ዝቅ ብሏል፣ የሽንት አኒዮን ጋፑም ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ዓይነት 1 የኩላሊት ቱቦ አሲዶሲስ ነው።»

ይህን አባባል በጠዋት የታካሚዎች ጉብኝት ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። በሰማሁት ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ የሽንቱ ሶዲየም ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይሆናል። ቁጥሩ ከላቦራቶሪ መጥቷል፣ ስሌቱ ውስጥም ገብቷል፤ ለብቻው ግን ማንም ልብ ብሎ አላየውም።

ስሌቱ ለምን እንደተፈጠረ እናስታውስ። ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛ ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በአሞኒየም መልክ ወደ ሽንት ያስወጣል። አሞኒየምን የሚለካ ላቦራቶሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን አሞኒየም ብቻውን አይወጣም፤ ክሎራይድን አስከትሎ ይወጣል። ስለዚህ የሽንቱን ሶዲየምና ፖታሲየም ደምረን ክሎራይዱን እንቀንሳለን። ክሎራይዱ በልጦ ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ቦታውን የሞላው አሞኒየም ነው፤ ኩላሊቱ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ባይካርቦኔቱ የሚጠፋው በሌላ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በተቅማጥ ነው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ አሞኒየሙ አንሷል ማለት ነው። ለምን አነሰ የሚለውን ግን ስሌቱ አይመልስም።

አንዲት በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለች ሴት እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት ወደ እኛ መጣች። በደሟ ሶዲየም 138፣ ፖታሲየም 2.2፣ ክሎራይድ 114፣ ባይካርቦኔት 14 ሚሊሞል በሊትር ነበር። የደሙ አኒዮን ጋፕ 138 ሲቀነስ የ114 እና የ14 ድምር፣ ማለትም 10 ነው፤ ይህ ደግሞ ጤናማ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ወይ ከኩላሊት ቱቦ ወይ ከአንጀት ነው። በሽንቷ ሶዲየም 9፣ ፖታሲየም 18፣ ክሎራይድ 12 ተገኘ፤ ጋፑ ፖዘቲቭ 15 ሆነ። የሽንቱ ፒኤች 6.2 ነበር። ተረኛው ሬዚደንት በሙሉ እምነት ዓይነት 1 ብሎ ጻፈ፤ የዕድሜ ልክ የባይካርቦኔት ሕክምናም አሰበላት።

ያ 9 የተባለው ሶዲየም ግን ሁሉንም ያፈርሰዋል። በዓይነት 1 የሚታመመው የመጨረሻው የቱቦ ክፍል አሲድ ወደ ሽንት ለመግፋት ሶዲየም እንዲደርሰው ይፈልጋል፤ ሶዲየሙ ሲመጠጥ በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ኔጋቲቭ ቻርጅ ነው አሲዱን የሚስበው። ሰውነቱ ፈሳሽ ያጣ ሰው ሶዲየሙንም ክሎራይዱንም ከላይ አሟጦ ይይዛል። ታችኛው ቱቦ ጤነኛ ቢሆንም የሚሠራበት ነገር አይደርሰውም፤ አሞኒየሙን አጅቦ የሚወጣ ክሎራይድም የለም። የሽንት ሶዲየም ከ25 በታች ከሆነ ፖዘቲቭ ጋፕ ስለ ቱቦው ምንም አይመሰክርም። የ6.2 ፒኤቹም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም። ፖታሲየም ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ኩላሊት ብዙ አሞኒያ ያመነጫል፤ አሞኒያው ደግሞ አሲዱን እየያዘ የሽንቱን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል።

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ «እህቴ፣ ሆድሽን ያስቀምጥሻል ወይ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። የመለሱልኝ እናቷ ናቸው፦ «ዶክተር፣ ለመቅጠን ብላ የምትጠጣው ሻይ አለ። ወር ሊሞላት ነው፣ ቀን ሌሊት ስትመላለስ ነው የምታድረው።» ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት የጠየቃት አልነበረም።

ሻዩ ቀረ፤ በደም ሥር ሳላይንና ፖታሲየም ክሎራይድ ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ባይካርቦኔቷ ገና 17 ሳለ ሽንቷን ደገምነው፦ ሶዲየም 58፣ ፖታሲየም 30፣ ክሎራይድ 126። ጋፑ ኔጋቲቭ 38 ሆነ። ቱቦው ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር። ሳይዘገይ መደገሙም ትርጉም አለው፤ አሲዱ ከተስተካከለ በኋላ ቢለካ ጋፑ እንደገና ፖዘቲቭ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም አሲድ ያልበዛበት፣ እንደ ልቡ የሚበላ ጤነኛ ሰው ጋፕ ፖዘቲቭ ነው። ይህን ስሌት አሲዶሲስ ለሌለበት ሰው የሚያዝዝ ባልደረባ ሳይ እናደዳለሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በሽንት ውስጥ ኬቶን ካለ፣ አሞኒየሙ ከክሎራይድ ይልቅ ከእሱ ጋር ስለሚወጣ ጋፑ በሐሰት ፖዘቲቭ ይሆናል። በዚያ ጊዜ የሽንት ኦስሞላል ጋፕ ይሻላል። በጉብኝት ላይ የምሰማቸው ሌሎች አባባሎችም አሉ።

«ባይካርቦኔቱ ከ10 በታች ከሆነ ዓይነት 1፣ ከ12 እስከ 20 ከሆነ ዓይነት 2፣ ከ17 በላይ ከሆነ ዓይነት 4 ነው።»

ቁጥሮቹ መጽሐፍ ላይ ያሉ ናቸው፤ ግን እርስ በርስ ይደራረባሉ። 18 የሆነ ሰው የትኛው ነው? ቀደም ብሎ የተያዘ ዓይነት 1ም 18 ሊሆን ይችላል። ባይካርቦኔት የሚጠቅመው አንድ ጊዜ ታይቶ ሳይሆን ሲሰጡት የሚያሳየው ጠባይ ሲታይ ነው።

ዓይነት 2ን አፉ ዝቅ ብሎ እንደተሸረፈ እንስራ አስቡት። ውሃው እስከ ስብራቱ ድረስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ብትሞሉት ይፈሳል። የላይኛው ቱቦ ባይካርቦኔትን የሚይዝበት ልክ ለምሳሌ ወደ 16 ከወረደ፣ የደሙ ባይካርቦኔት እዚያው ይረጋል፤ ታችኛው ቱቦ ጤነኛ ስለሆነ የሽንቱ ፒኤች ከ5.5 በታች ይሆናል፤ ጋፑም ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ባይካርቦኔት ሲሰጥ ግን ሽንቱ ከ7.5 በላይ ይወጣል፤ ከተጣራው ባይካርቦኔት ከ15 በመቶ በላይ ይፈሳል። በዓይነት 1 የሚፈሰው በአዋቂዎች ከ5 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ለዓይነት 1 በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊሞል በኪሎ ሲበቃ፣ ዓይነት 2 ከ10 እስከ 15 ሊፈልግ ይችላል።

«ፖዘቲቭ ጋፕ ካለ ዓይነት 1ንና 4ን መለየት አይቻልም።»

ፖታሲየሙን ይመልከቱ። በዓይነት 1 ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል፣ በዓይነት 4 ከፍ ይላል። ከዚያ የመድኃኒት ካርዱን ይክፈቱ፦ ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ኮትሪሞክሳዞል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ ዓይነት 4ን አስቀድሞ መጠርጠር ነው።

«የሽንቱ ፒኤች 5.2 ነው፤ እንግዲያው የቱቦ አሲዶሲስ አይደለም።»

ስህተት ነው። ዝቅ ያለ ፒኤች የሚቃረነው ከዓይነት 1 ጋር ብቻ ነው።

«ክሬቲኒኑ ደህና ነው፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ነው።»

ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር አንድ አባት ለዓመታት ቴኖፎቪር ሲወስዱ ኖረው አጥንቴን ያመኛል ብለው መጡ። ክሬቲኒናቸው 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ባይካርቦኔታቸው 17፣ የሽንት ፒኤቻቸው 5.3 ነበር። ሁለት ቦታ «ኩላሊትዎ ደህና ነው» ተብለዋል። ሽንታቸው ላይ ስኳር ሁለት ፕላስ ተጽፏል፤ የደም ስኳራቸው ግን 92 ነው። ስኳሩን መልሶ መምጠጥ ያቃተው ያው ባይካርቦኔትን የሚጥለው የላይኛው ቱቦ ነው፤ ፎስፌቱንም እያፈሰሰው ስለነበር አጥንታቸው ታመመ። ቴኖፎቪሩ በሌላ መድኃኒት ተተክቶ በሦስተኛው ወር ባይካርቦኔታቸው 23 ደረሰ፤ የሽንቱ ስኳርም ጠፋ።