አራቱ ክቡር እውነቶች ምንድን ናቸው?

ሰሜን ሕንድ ውስጥ፣ ከጥንታዊቷ ከቫራናሲ ከተማ ወጣ ብሎ ሳርናት የሚባል ቦታ አለ። የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ፣ አጋዘኖች በሚውሉበት የዛፍ ጥላ ሥር፣ ሲዳርታ ጋውታማ የሚባል ሰው ለአምስት የድሮ ባልንጀሮቹ ንግግር አደረገ። ባልንጀሮቹ ተቀይመውት ነበር። አብረው ሲጾሙና ሰውነታቸውን ሲቀጡ ቆይተው፣ እሱ መሃል ላይ ደህና ምግብ መብላት ሲጀምር «ይሄማ ተሸነፈ» ብለው ጥለውት ሄደው ነበር። አሁን ግን ቡድሃ፣ ማለትም «የነቃው»፣ ሆኖ መጣ። ያን ዕለት የነገራቸው ነገር ነው አራቱ ክቡር እውነቶች የሚባለው።

ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዱካ የሚባል፣ ሕይወትን የሚጎረብጥ ነገር አለ። ዱካ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሲጠፋ ዱካም ይጠፋል። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ አለ። አንድ ሐኪም በሽታውን አይቶ፣ መንስኤውን ፈልጎ፣ ይድን እንደሆነ ተናግሮ፣ መድኃኒት እንደሚያዘው ማለት ነው።

«ዱካ» ፓሊ ከሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ብዙ ጊዜ «ስቃይ» ተብሎ ይተረጎማል፤ «ሕይወት ስቃይ ናት» የሚባለውም ከዚህ ነው። እኔ ትርጉሙን አልወደውም። ስቃይ ሲባል ሰው ሆስፒታልና ለቅሶ ነው የሚታየው። ዱካ ግን ጫማችሁ ውስጥ የገባችውን ትንሽ ጠጠርም ይጨምራል። መራመድ አላቃታችሁም፤ ግን ይጎረብጣል። ቡድሃ ራሱ ከእርጅናና ከሞት ጋር አብሮ የቆጠረው ነገር አለ፦ ከማይወዱት ጋር መሆን፣ ከሚወዱት መለየት፣ የፈለጉትን ማጣት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለቅርብ ጓደኛዋ በቴሌግራም «ነገ አብረን እንሂድ?» ብላ ጻፈች። ወዲያው ሁለት ምልክት መጣ። ታይቷል። መልስ ግን የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የለም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስልኩን ሠላሳ ጊዜ ሳትከፍተው አልቀረችም። ሆዷን የሆነ ነገር ይቆነጥራታል።

የመጀመሪያው እውነት እሷን «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አይላትም። ከእያንዳንዱ እውነት ጋር አንድ ሥራ ተሰጥቷል፤ የዚህኛው ሥራ ዱካን ማወቅ ነው። ምን እየተሰማኝ ነው? የት ጋ? ሆዴ ላይ። ትንሽ ፍርሃት፣ ትንሽ ንዴት። ይህን ማየት ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙዎቻችን ከስሜቱ ዘለን ወደ ድርሰቱ እንገባለን፦ «ሰልችቻታለሁ። ትናንትም ፊቷ ትክክል አልነበረም። ድሮም እኔን ማን ይወደኛል?» ቡድሃ ለዚህ የሁለት ቀስቶች ምሳሌ ነበረው። አንዱ ቀስት የሚያገኘን የማንቆጣጠረው ሕመም ነው። ሁለተኛው፣ በዚያ ላይ አእምሯችን የሚጨምርበት ሰቀቀን ነው። መልስ መዘግየቱ የመጀመሪያው ቀስት ነው። ድርሰቱ ሁለተኛው።

ታዲያ ሁለተኛው ቀስት ከየት ይመጣል? ሁለተኛው እውነት «ታንሃ» ይላል። ቃሉ በቀጥታ ጥማት ማለት ነው፤ አማርኛችን እዚህ ላይ አያስቸግርም፣ እኛም የፍቅር ጥማት፣ የሥልጣን ጥማት እንላለን። ቡድሃ ጥማቱን በሦስት ከፈለው፣ ሦስቱም ልጅቷ ስልክ ላይ አሉ። የመጀመሪያው የደስታ ጥማት ነው፦ መልሱ ሲመጣ የምታገኛትን ያችን ትንሽ ደስታ ትፈልጋለች። ሁለተኛው የመሆን ጥማት ነው፦ «ሁሌም ቅድሚያ የሚሰጣት ጓደኛ» መሆን ትፈልጋለች። ሦስተኛው ያለመሆን ጥማት ነው፦ ስሜቱም መልእክቱም ድራሹ እንዲጠፋ ትፈልጋለች፤ ጣቷ «አጥፋ» የሚለው ላይ ደርሳ ትመለሳለች።

ጥማት መሆኑን የምታውቁት ሲያገኝ በሚያደርገው ነገር ነው። አራት ተኩል ላይ መልስ መጣ እንበል፦ «እሺ»። እፎይ አለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ለምን እሺ ብቻ? ተናዳለች እንዴ?» ተጀመረ። ጠጥቶ ካልረካ ጥያቄው የውሃው ብዛት አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት አለ፣ እኔም መጀመሪያ ሳነብ ተሳስቼበታለሁ። «እንግዲያው ምንም አትፈልጉ ነው የሚለው» ብሎ መደምደም። አይደለም። ፓሊ ለጤናማ ፍላጎት ሌላ ቃል አለው፤ «ቻንዳ» ይባላል። ሒሳብ መቻል መፈለግ ቻንዳ ሊሆን ይችላል፤ ፍላጎቱ መጽሐፉን ያስከፍታችኋል። «ከክፍሉ አንደኛ ካልሆንኩ ሰው አይደለሁም» ካላችሁ ግን ጥማት ነው፤ መጽሐፉ ተከፍቶ እናንተ የሌላውን ልጅ ውጤት ታስባላችሁ።

ሦስተኛው እውነት ለማመን የሚከብደው ነው፦ ጥማቱ ሲቆም ዱካው ይቆማል። ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሦስት ሰዓት ላይ እናቷ ጠርታት ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሲሳሳቁ፣ ሃያ ደቂቃ ስልኩን ረስታው ነበር። በዚያን ሰዓት መልስ አልመጣም። ውጪ የተለወጠ ነገር የለም። ሆዷ ግን አልተቆነጠረም። ይሄ ራሱ ሦስተኛው እውነት አይደለም፤ መርሳት ብቻ ነው፣ ተመልሶም መጥቷል። ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ቁንጥጫው የተንጠለጠለው መልእክቱ ላይ ሳይሆን ጥማቱ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲቆም ኒባና ወይም ኒርቫና ይባላል፤ የቃሉ ሥዕል የእሳት መጥፋት ነው። ማገዶ ያልተጨመረበት እሳት ማንም ሳይረግጠው ይከስማል።

አራተኛው እውነት መንገዱ ነው፣ ስምንት ክፍል አለው፦ ትክክለኛ አመለካከት፣ ሐሳብ፣ ንግግር፣ ተግባር፣ መተዳደሪያ፣ ጥረት፣ ንቃትና የአእምሮ መሰብሰብ። ስምንቱ እንደ ክፍል ተራ በተራ የሚታለፉ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ያግዛል። ልጅቷ «ገባኝ፤ አመሰግናለሁ!» የሚል የአሽሙር መልእክት ጽፋ ሳትልከው ብትቀር፣ ትክክለኛ ንግግርን ተለማመደች። ከመጻፏ በፊት እጇ ወደ ስልኩ ሲሄድ ካየችው ደግሞ ያ ንቃት ነው።

ጥረት ላይ አንድ ታሪክ አለ። ሶና የሚባል መነኩሴ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ሲያሰላስል እግሩ እስኪደማ ታገለ፤ ተስፋም ቆረጠ። ቀድሞ እንደ ክራር ያለ ባለ አውታር መሣሪያ ይጫወት ነበርና ቡድሃ ጠየቀው፦ አውታሩ ከመጠን በላይ ሲወጠር ድምፁ ያምር ነበር? ሲላላስ? ሶና የሁለቱንም መልስ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። ሁለተኛውን ቀስት ተዉ ማለት የመጀመሪያውን ቻሉት ማለት አይደለም። ክፍል ውስጥ የሚመታችሁ ወይም የሚያዋርዳችሁ ካለ ጉዳዩ የእናንተ ጥማት አይደለም፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ተናገሩ።

ሳርናት ላይ ያን ዕለት ከሰሙት አምስቱ መካከል የገባው አንዱ ብቻ ነበር፤ ኮንዳኛ ይባላል። የገባው ነገርም አጭር ነው፦ የሚነሳ ሁሉ የሚያልፍ ነው። አራቱ ሌላ ተጨማሪ ትምህርት አስፈልጓቸዋል፤ ቡድሃም አብሯቸው ቆይቶ ማስተማሩን ቀጠለ።