ትሮትሊንግ ምንድን ነው? ስልክ ጌም ላይ ሲግል ለምን ይንቀረፈፋል?

ታናሽ ወንድሜ ፐብጂ ይጫወታል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ስልኩ አንደኛ ነው። ሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ግን ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። ጠላት አይቶ ሊተኩስ ሲል ስክሪኑ ቆም ይላል፤ ሲመለስ እሱ ሞቷል። «ይሄ የማይረባ ኔትወርክ!» ይላል። ኔትወርክ መስደብ እኛ ጋ ማንም አይከራከርበትም።

አንድ ቀን ስልኩን ተቀበልኩት። ከካሜራው አጠገብ ያለው ጀርባው እጅ አያስነካም። ጌሙ ጥግ ላይ የሚያሳየው ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ጨዋታው ሲጀመር የነበረበት ላይ ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ችግሩ ኔትወርክ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይዘልላል፣ ይቀላል፤ ሮጠህ ያለፍከው ቦታ ላይ መልሶ ይጥልሃል። ምስሉ ራሱ ግን ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ፒንጉ ረግቶ ምስሉ ከተንቀረፈፈ፣ በዚያ ላይ ስልኩ ከጋለ፣ ጥፋተኛው ኔትወርኩ ሳይሆን ትሮትሊንግ ነው።

ትሮትሊንግ ማለት ስልኩ እንዳይጎዳ ብሎ ራሱን ሆን ብሎ ማዘግየቱ ነው። ብልሽት አይደለም። ቡና ሲፈላ አስቡት። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ከከሰሉ ላይ ብድግ ይደረጋል፤ ረገብ ሲል ይመለሳል። ስልኩም ውስጡ ሙቀት የሚለኩ ትናንሽ ሴንሰሮች አሉት። ሙቀቱ ከተቀመጠለት ወሰን ሲደርስ ሲስተሙ የፕሮሰሰሩንና የግራፊክሱን ፍጥነት አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። ካልበቃ ሌላ ደረጃ ይጨምራል። ከዚያ እንደ ስልኩ ዓይነት የስክሪኑ ብርሃን ይቀንሳል፣ ቻርጁ ይዘገያል ወይም ይቆማል። መጨረሻ ላይ አይፎን «iPhone needs to cool down before you can use it» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ እስኪበርድ አላስነካም ይላል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ያሉበት ቺፕ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የሚበሉት ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ቴሌግራም ስታነብ ቺፑ ትንሽ ሠርቶ ያርፋል። ጌም ግን ዕረፍት አይሰጥም። በሰከንድ 60 ፍሬም ካልክ፣ እያንዳንዱ ሥዕል በ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ተሠርቶ ማለቅ አለበት፤ ይሄ ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት።

አብዛኛው ላፕቶፕ ፋን አለው። ተራ ስልክ ግን የለውም። ሙቀቱን በውስጥ ባሉ ስስ ንጣፎች አሰራጭቶ በጀርባውና በጠርዙ ወደ አየር ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለውም። በዚህ መንገድ አንድ ስልክ ያለማቋረጥ ማስወገድ የሚችለው ከ3 እስከ 5 ዋት ገደማ ነው። ጠንካራ ቺፕ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም ከዚያ እጥፍ ሊያመነጭ ይችላል። የተረፈው ውስጥ ይጠራቀማል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ጥሩ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ስልኩ በሙቀት ገና እየሞላ ነበር።

ቦታውም ለውጥ አለው። የስልኩ ጀርባ 43 ዲግሪ ደርሷል እንበል። አዲስ አበባ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 23 ነው። ሰመራ ወይም ዱባይ ጥላ ሥር 38 ቢሆን ግን 5 ብቻ። ሙቀት የሚወጣው በልዩነቱ መጠን ስለሆነ፣ ያው ስልክ እዚያ የሚያስወጣው ሙቀት አዲስ አበባ ከሚያስወጣው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ቆላ ያለ ዘመድህ «ስልኬ አይረባም» ቢልህ ስልኩ ላይ አትፍረድ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከሁሉም የሚበልጠው ፍሬሙን መቀነስ ነው፤ ሰው ግን ይሄን መስማት አይወድም። ፍሬሙ ሲበዛ ቺፑ መፍጠን አለበት፤ ቺፕ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ቮልቴጁም ከፍ ማለት አለበት። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከቮልቴጁ ጋር ሁለት ጊዜ ይባዛል። ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም በ20 በመቶ ብትቀንስ 0.8 × 0.8 × 0.8፣ ማለትም 0.51 ይሆናል። ከፍጥነቱ አንድ አምስተኛ ሰጥተህ ሙቀቱን በግማሽ ቀነስክ ማለት ነው። እውነተኛ ስልክ ላይ ቁጥሩ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይሄው ነው።

ስለዚህ ወንድሜን Frame Rate የሚለውን ከ Extreme ወደ Ultra አወረድኩበት፤ ከ60 ወደ 40 ፍሬም መሆኑ ነው። Graphics የሚለውን Smooth ላይ ተውኩት። «አዋረድከኝ» አለ። ግን 60 ብሎ ጀምሮ ጦርነቱ ሲጋጋል 25 ላይ ከሚወድቅ፣ እስከ መጨረሻው 40 ላይ የሚረጋ ይሻላል። እጅ የሚለምደው የማይዋዥቀውን ነው።

ሁለተኛው ቻርጅ ላይ ሰክቶ አለመጫወት ነው። መብራት ሳይሄድ እንሙላ የሚለው ሐሳብ ይገባኛል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ባትሪ ሲሞላ በራሱ ይሞቃል፣ ፈጣን ቻርጀር ሲሆን ይብሳል፤ የጌሙ ሙቀት ደግሞ ከላይ ይጨመርበታል። ሊቲየም ባትሪን በጣም የሚያስረጀው ሞልቶም ግሎም መቆየት ነው። ሞልተህ፣ ነቅለህ፣ ከዚያ ተጫወት። አንዳንድ ስልኮች ጌም ላይ የቻርጀሩን ኃይል ወደ ባትሪው ሳያስገቡ በቀጥታ ለስልኩ የሚሰጡበት ሴቲንግ አላቸው፤ ካለህ አብራው።

ሌላው ቀላል ነው። ወፍራሙን ከቨር አውልቅ። ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጠው። ተራ የቤት ፋን ወደ ጀርባው ቢነፍስበት ከምታስበው በላይ ይረዳል። የዳታ ሲግናል ደካማ ከሆነና ዋይፋይ ካለ ወደ ዋይፋይ ቀይር፤ ስልኩ ራቅ ያለውን አንቴና ለመድረስ ብዙ ኃይል ያፈሳል። «ስልክ አቀዝቃዛ» የሚባሉትን አፖች ግን አጥፋቸው። አፕ ሙቀት ከስልኩ አያስወጣም፤ ራሱ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት? ተው። ቀዝቅዞ ሲወጣ የክፍሉ አየር ላዩ ላይ ውኃ ሆኖ ይቋጠርበታል፤ ውስጡም ሊገባ ይችላል። ለአምስት ደቂቃ ጌሙን ዘግተህ ጥላ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ብትተወው በቂ ነው።

የባትሪ ሙቀት የሚያሳዩ ነፃ አፖች አሉ። ቁጥሩ የባትሪው እንጂ የቺፑ አይደለም፤ ቺፑ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እኔ ባትሪው ወደ 45 ሲጠጋ ጨዋታውን አቁም እላለሁ። የስልኩ ጀርባ ያበጠና ስክሪኑ ከጠርዙ የተነሳ ከሆነ ግን ነገሩ ትሮትሊንግ አይደለም። ባትሪው አብጧል። ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ አትውጋው፤ አጥፍተህ ወደ ጠጋኝ ውሰደው።

ወንድሜ አሁን በ40 ፍሬም ሦስት ዙር ሳይቆራረጥበት ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «እኛ ሰፈር ኔትወርኩ ተስተካከለ እኮ» ይለዋል።