የሥራ ማመልከቻ ማጣሪያ፦ የታጨቁ ቃላት፣ የተደበቀ ጽሑፍና የተጋነነ ልምድ

ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ የመጡ ማመልከቻዎች በማስታወቂያው ላይ ከተዘረዘረው ተፈላጊ ችሎታ ጋር እየተመሳከሩ ነጥብ ሲሰጣቸው፣ ነጥብ ሰጪውን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች በተደጋጋሚ ይታያሉ። አመልካቹ የማስታወቂያውን ቁልፍ ቃላት ከሠራው ሥራ ጋር ሳያገናኝ በሲቪው ውስጥ እየደጋገመ ያጭቃል። ወይም እነዚያኑ ቃላት ዓይን በማያያቸው፣ ኮምፒውተር ግን በሚያነባቸው መንገድ ይደብቃል። ሦስተኛው የቆየ ነው፤ የሠሩትን ማጋነን።

ማጨቅና መደበቅ ወደ ቅጥር የገቡት ከኢንተርኔት ፍለጋ ነው። የድረ ገጽ ባለቤቶች በፍለጋ ውጤት ላይ ቀድመው ለመታየት ነጭ ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጉግል የቢኤምደብሊውን የጀርመን ድረ ገጽ ለጊዜው ከፍለጋ ውጤቱ ያወጣው፣ ለጎብኚው ከሚታየው የተለየ ቃላት የታጨቁበት ገጽ ለፍለጋ ሞተሩ ሲያቀርብ ተገኝቶ ነው። ቀጣሪዎች ማመልከቻን በቁልፍ ቃል የሚያጣራ ሶፍትዌር መጠቀም ሲጀምሩ ዘዴው ወደ ሲቪ ተሻገረ።

አካሄዱን በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ከፍተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። መስፈርቱ በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የአምስት ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መጠቀም፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ወርኃዊ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅና በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ሪፖርት ማዘጋጀት ነው። ከመጡት መካከል አንዱ ሲቪ ሁለት ገጽ ሲሆን በሶፍትዌሩ ማጣሪያ ከሁሉም በላይ ነጥብ አግኝቷል።

የተደበቀ ጽሑፍን ለመፈለግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ፋይሉን ከፍቶ Ctrl+A መጫንና የተመረጠውን ሁሉ ባዶ የጽሑፍ ሰነድ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ብዙ ማመልከቻ ያለበት ሰው ደግሞ ጽሑፉን ከፒዲኤፍ አውጥቶ ቃላቱን የሚቆጥረውን ይህን ትእዛዝ ይጠቀማል፦

```
pdftotext -layout cv.pdf cv.txt
wc -w cv.txt
```

በምሳሌያችን ሲቪ ላይ ለዓይን የሚታየው ወደ 600 ቃል ገደማ ነው፤ የወጣው ጽሑፍ ግን 950 ይደርሳል። ትርፉ የተገኘው ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ ሲሆን፣ በእጅግ ትንሽ የነጭ ፊደል የተጻፈ የማስታወቂያው ሙሉ ቅጂ ነው። ድርጅቱ በማስታወቂያው ላይ reconciliation የሚለውን ቃል አንድ ፊደል አጉድሎ reconcilation ብሎ ጽፎት ነበር፤ ስሕተቱም እንዳለ ተገልብጧል። እንዲህ ያለ የተወረሰ ስሕተት ከማንኛውም የቃላት ቆጠራ የበለጠ ይናገራል። የወርድ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ዚፕ ፋይል ስለሆነ፣ word/document.xml በተባለው ክፍል ውስጥ w:vanish የሚል ምልክት መኖሩን ማየት ነው፤ ጽሑፉ እንዲሰወር የተደረገበት ቦታ በዚያ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ግን መቸኮል ንጹሕ ሰው ያስወነጅላል። ነጭ ፊደል ሁሉ ድብቅ አይደለም፤ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ስማቸውን በነጭ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። በስካነር የተነሣ ማስረጃም በምስሉ ሥር የማይታይ የጽሑፍ ንብርብር ሊኖረው ይችላል፤ ያንን የጨመረው ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ሶፍትዌር እንጂ አመልካቹ አይደለም። የሚለየው ቀላል ነው፤ የማይታየው ጽሑፍ በምስሉ ላይ የሚነበበውን የሚደግም ከሆነ ችግር የለበትም። በአማርኛ የተጻፈ ማመልከቻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በተሠሩት የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ በገጹ ላይ ጥርት ብሎ እየተነበበ፣ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሊሆን ይችላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንዲያውም የሚጎዳው አመልካቹን ነው፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ አንድም ቁልፍ ቃል አያገኝለትም።

ማጨቅ በግልጽ ስለሚታይ ቀለል ይላል። በምሳሌያችን ሲቪ ፒችትሪ የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል፤ ስምንቱ በ«ችሎታዎች» ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ከአንድ የሥራ ቦታ ጋር የተያያዘው አንዱ ብቻ ነው። ነጥብ አሰጣጡ አንድን መስፈርት አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጥርና ከቦታና ከዘመን ጋር ያልተያያዘን ቃል ዜሮ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስምንቱ ድግግሞሽ ምንም አያተርፍም። ቅጣት መጨመርም አያስፈልግም ባይ ነኝ። «ፒችትሪ» ብሎ አጠገቡ «ሴጅ 50» የጻፈ ሰው ግን አላጨቀም፤ ሴጅ የተባለው ኩባንያ ፒችትሪን ገዝቶ በኋላ ስሙን ስለለወጠው ሁለቱ የአንድ ሶፍትዌር መጠሪያዎች ናቸው።

ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማጋነን ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። አመልካቹ የመጀመሪያ ሥራውን ከ2009 እስከ 2012፣ ሁለተኛውን ከ2020 እስከ 2024 ብሎ ጽፏል። ዳርና ዳሩን ብቻ ያየ ሶፍትዌር 15 ዓመት ልምድ ሊቆጥር ይችላል። ጠንቃቃ አንባቢ ደግሞ መሐል ላይ የስምንት ዓመት ክፍተት ያያል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ 2012 መስከረም 2020 ላይ ስለሚያልቅ ሥራው የተከታተለ ነው፤ ልምዱም ወደ ሰባት ዓመት ገደማ። ያው ቀን ሌላ ጥርጣሬም ያስነሣል። አመልካቹ በመጀመሪያው ሥራው በዓለም አቀፍ ደረጃዎች ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ ይላል። በኢትዮጵያ ይህን ግዴታ ያመጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። 2009ን እንደ ፈረንጅ ዘመን ላነበበው ሰው አባባሉ ውሸት ይመስላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ ግን ከአዋጁ በኋላ ነውና ያስኬዳል።

«የሒሳብ ክፍሉን መርቻለሁ» የሚለው ግን አላስኬደም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው የሥራ ልምድ ማስረጃ መደቡን «ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ» ይላል፤ ደመወዙም የኃላፊ አይደለም። ይህ ብቻውን ውሸትን አያረጋግጥም፤ ኃላፊው ለቆ በውክልና የሠራ ጀማሪ አለና። ስለዚህ ነጥቡ ለቃለ መጠይቅ ይያዛል፤ ማን ይፈርም ነበር፣ ስንት ሰው ሥሩ ነበር፣ ውክልናው በደብዳቤ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

የባንክ ማስታረቁም እንደዚሁ በጥያቄ ይጠራል። የባንክ መግለጫው 412,000 ብር፣ መዝገቡ 430,000 ብር ያሳያል፤ ልዩነቱ ከየት ሊመጣ ይችላል? ሥራውን ያወቀ ሰው ሳያመነታ ወደ ባንኩ ያልቀረበ ቼክና ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገቢ ብሎ ይጀምራል። ቼኩ 25,000፣ ገቢው 43,000 ነው ቢባል የመጀመሪያውን ከባንኩ ሒሳብ ቀንሶ፣ ሁለተኛውን ደምሮ 430,000 ላይ ያደርሰዋል። የሰማውን ብቻ የጻፈው መዝገቡን ማስተካከል ይጀምራል።

ለእያንዳንዱ መስፈርት ማስረጃ ከሌለ ዜሮ፣ ቦታና ዘመን ብቻ ከተጠቀሰ አንድ፣ በሰነድ ወይም በቃለ መጠይቅ ከተረጋገጠ ሁለት ነጥብ ቢሰጥ፣ የእኛ አመልካች በዲግሪውና በልምድ ዘመኑ ሁለት ሁለት፣ በፒችትሪና በሪፖርት ዝግጅቱ አንድ አንድ ያገኛል። ማስታረቁ እስኪጠየቅ አንድ ላይ ይቆያል። የተጨማሪ እሴት ታክስ የተገኘው በድብቁ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ዜሮ ነው። በሶፍትዌሩ አንደኛ የነበረው ሲቪ ከ12 ሰባት ይዞ ከመካከለኞቹ ጋር ይሰለፋል። ድብቁን ጽሑፍ ራሱን እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ቆጥሮ ማሰናበት ወይም አለማሰናበት የድርጅቱ ውሳኔ ነው፤ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ መደብ ግን ቢያንስ አመልካቹ ፊት ለፊት ተጠይቆ መልሱ በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት።