የቡድን ፎቶን ወደ አንድ ወጥ ሥዕል መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በስልክ የተነሣ፣ 4000 ፒክስል ስፋት ያለው የዘጠኝ ሰዎች የቤተሰብ ፎቶ በታብሌት ተሥሎ በኤ3 ወረቀት ይታተማል እንበል። የእያንዳንዱ ሰው ፊት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ሰውየው ይበልጥ ይታወቃል።»

ሰውን ከሩቅ የምንለየው በፊቱ ክፍሎች ምጣኔ ነው፦ ዓይኖቹ በተራራቁበት መጠን፣ ከአፍንጫው እስከ ላይኛው ከንፈሩ ባለው ርቀት፣ በፀጉሩ መነሻና በአገጩ ስፋት። በዚህች ትንሽ ፊት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ በመስመር ከተለየ ፈገግታው ፍርግርግ ይመስላል፤ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው እጥፋት በደማቅ መስመር ሲሣል ደግሞ የሃያ ዓመቱ ወጣት ዐርባ ዓመት ይሞላዋል። ጥርሱ አንድ ነጭ ቅርጽ፣ እጥፋቱም ከቆዳው ጥቂት የጠቆረ ጥላ ቢሆን ይበቃል።

«ሥዕሉ አንድ ወጥ የሚሆነው የሁሉም ዓይንና አፍንጫ በአንድ ዓይነት ሲሣል ነው።»

እንዲህ ሲደረግ እኅትማማቾች መንታ ይሆናሉ። ወጥነቱ የሚመጣው ከመስመሩ ውፍረት፣ ከብርሃኑ አቅጣጫና ከጥላው ደረጃዎች ብዛት ነው። በፎቶው ላይ ሦስት እኅትማማቾች ጎን ለጎን ከቆሙ፣ ሠዓሊው እያንዳንዷን ከፎቶዋ ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ያነጻጽራቸው፤ የታላቂቱ ግንባር ሰፋ ያለ፣ የታናሺቱ ቅንድብ ወደ ዓይኗ የቀረበ ከሆነ፣ ይህን ልዩነት በጥቂቱ ማጋነን ሁለቱንም ይበልጥ ራሳቸውን ያስመስላቸዋል። ለሁሉም አንድ ቡናማ መቀባትም ጠይሙን ከቀዩ ያደባልቃል። በጥላ ውስጥ የቆመ ቀይ ሰው በፎቶው ላይ ጠይም መስሎ ሊወጣ ስለሚችል፣ የቆዳውን መነሻ ቀለም በጥሩ ብርሃን ከተነሣ ሌላ ፎቶው መውሰድ ይሻላል።

«ፊቶቹን ለየብቻ አጉልቶ ሥሎ በኋላ መገጣጠም ይቀላል።»

ይቻላል፤ ነገር ግን ፊቱ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ይቀጥናል። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታተም፣ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መስመር 6 ፒክስል ያህል ነው። በአራት እጥፍ የጎላ ፊት በዚያው የ6 ፒክስል ብሩሽ ከተሣለ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩ 1.5 ፒክስል ብቻ ይሆንና ፊቱንና ልብሱን ሁለት ሰው የሠራቸው ይመስላል፤ በጎላው ፋይል ላይ 24 ፒክስል ያስፈልግ ነበር። በእኔ ግምት ሁሉንም በአንድ ፋይል፣ ለየሰው የራሱን ሌየር፣ ማለትም በሌላው ላይ የሚነባበር ለብቻው የሚታረም የሥዕል ንጣፍ፣ ከፍቶ መሥራት ይህን ሁሉ ስሌት ያስቀራል።

«ፎቶውን ከሥር አድርጎ መስመሩን ከተከተሉ መመሳሰሉ አይቀርም።»

የስልክ ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ የቆሙትን ወደ ጎን ይለጥጣቸዋል፤ የእነርሱ ፊት ከመሣሉ በፊት በጥቂቱ መጥበብ አለበት።

«ሠዓሊው ከፎቶው ጋር ካመሳከረ ይበቃል።»

ለሰዓታት ያየው ዓይን ስሕተቱን ይለምደዋል። ሥዕሉ ወደ ስልክ ስክሪን ስፋት ተቀንሶ፣ ነጠላውም ሆነ ሌላው ልብስ ተሸፍኖ፣ ፊቶቹ ብቻ ቤተሰቡን ለሚያውቅ ሰው ይታዩ። ስሙን ለመጥራት ያመነታበት ፊት ሲታረም መጀመሪያ የራስ ቅርጹና የፀጉር መነሻው፣ ቀጥሎ የዓይኖቹ ርቀት ይስተካከላል፤ ዝርዝሩ የሚነካው እነዚህ ካልበቁ ብቻ ነው።