ሜታስቴብሊቲ ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር የአንድ ጨርቅ ማሽን ሮለር ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ሰርኪዩት ሠርተን ነበር። ቆጣሪው በ50 ሜጋኸርዝ ክሎክ ይሠራል። መዝጋቢው ደግሞ የራሱ 27 ሜጋኸርዝ ክሎክ አለው። ሲሙሌሽኑ ላይ ሁሉም ልክ ነበር። ቦርዱ ላይ ግን ቁጥሩ ከ127 ወደ 128 ሲያልፍ አልፎ አልፎ 255 ተመዝግቦ እናገኛለን።

ነገሩ ከፍሊፕ-ፍሎፕ ይጀምራል። ፍሊፕ-ፍሎፕ በክሎኩ ምት ላይ መግቢያውን አይቶ 0 ወይም 1 ይይዛል። ለዚህ ግን መግቢያው ከምቱ ጥቂት ቀደም ብሎና ጥቂት ቆይቶም ዝም ማለት አለበት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ በሩ ሲዘጋ ሮጦ የደረሰ ሰው አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሲሆን አስቡት። ገባ ወይስ ቀረ? ረዳቱም ለጊዜው አያውቅም። ፍሊፕ-ፍሎፑም እንዲሁ በ0 እና በ1 መካከል ይንጠለጠላል። ሜታስቴብሊቲ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ ወደ አንዱ ይወድቃል፤ መቼ እንደሚወድቅ ግን አይታወቅም። እስከዚያ ድረስ አንዱ ሰርኪዩት 0፣ ሌላው 1 ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ሁለቱ ክሎኮች የማይተዋወቁ ከሆኑ ይህን ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው እስኪወስን ጊዜ መስጠት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ሰርኪዩት ሲንክሮናይዘር ይባላል፦

```verilog
(* ASYNC_REG = "TRUE" *) reg s1, s2;
always @(posedge clk_b) begin
  s1 <= req_a;
  s2 <= s1;
end
```

`req_a` ከቆጣሪው ወገን የሚመጣው ምልክት፣ `clk_b` ደግሞ የመዝጋቢው ክሎክ ነው። `s1` ሊንጠለጠል ይችላል፤ ስለዚህ ከ`s2` በስተቀር ማንም አይንካው። በ27 ሜጋኸርዝ ለመረጋጋት 37 ናኖሰከንድ ገደማ ያገኛል። ለምሳሌ በየ0.1 ናኖሰከንዱ ሳይወስን የመቆየት ዕድሉ ወደ ሲሶ ገደማ የሚወርድ ከሆነ፣ ይህ 370 ጊዜ ይደጋገማል። ዜሮ አይሆንም፤ ግን በማሽኑ ዕድሜ አንዴም ላይታይ ይችላል።

እኛ ታዲያ የት ተሳሳትን? ስምንቱን ቢቶች እያንዳንዳቸውን በዚህ መንገድ አሳለፍን። ከ127 ወደ 128 ሲኬድ ስምንቱም ቢቶች በአንዴ ይለወጣሉ። ላይኛው ቢት ቀድሞ 1 ሆኖ ሰባቱ ገና 1 እንደሆኑ ከተነበቡ 255 ይሆናል። ሲንክሮናይዘሩ እያንዳንዱን ቢት ያረጋጋል እንጂ ቢቶቹ እኩል እንዲደርሱ አያደርግም።

ያዳነን ሃንድሼክ ነው። ቆጣሪው ቁጥሩን ሬጅስተር ውስጥ አስቀምጦ ሳይነካው `req` ያነሳል። በሁለቱ ፍሊፕ-ፍሎፕ የሚያልፈው ይህ አንድ ሽቦ ብቻ ነው። መዝጋቢው `req` ሲደርሰው ቁጥሩ ከረጋ ቆይቷል፤ አንብቦ `ack` ያነሳል። `ack`ም በሌላኛው ወገን በሁለት ፍሊፕ-ፍሎፕ ያልፋል። ከዚያ ቆጣሪው `req`ን ይጥላል፣ መዝጋቢው ያንን አይቶ `ack`ን ይጥላል። አዲስ ቁጥር የሚጫነው የ`ack` መውደቅ ቆጣሪው ጋ ሲደርስ ብቻ ነው።

አንድ ዙር በርካታ ምቶች ይፈጃል። ለሮለር ይህ ምንም አይደለም። በየምቱ አዲስ ዳታ ለሚመጣበት ሥራ ግን አይበቃም፤ ለዚያ ሁለት ክሎክ ያለው ፊፎ፣ ማለትም ዳታውን በመጣበት ቅደም ተከተል የሚያሳልፍ ወረፋ፣ ያስፈልጋል።