የሲኮ ፋይቭ «የልደት ቀን» ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

አጎቴ ሲኮ ፋይቭ ሰዓቱን መቼ እንደገዛው ሲጠየቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «ከአብዮቱ በፊት!» ባለፈው እሑድ ሰዓቱን ከእጁ አስወልቄ ገለበጥኩት። እውነቱን ነው ወይስ እያጋነነ? መልሱ ከጀርባው ክዳን ላይ ተቀርጿል።

ሲኮ ፋይቭ ከ1963 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ሲሠራ የኖረ የጃፓን አውቶማቲክ ሰዓት ነው። መሙያው ከ4 ቁጥር ጎን፣ ቀፎው ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። ሲኮ መሆኑን ከሩቅ የሚያሳብቀው ይህ ነው። ዘመኑን ግን አይነግርህም፤ ትናንት የተመረተውም አብዛኛውን ጊዜ መሙያው እዚያው ነው።

ዘመኑን የሚናገሩት ከጀርባ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው በሰረዝ የተከፈለ ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው የማሽኑ ዓይነት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የቀፎው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ተከታታይ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ሲሆን ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ከ1 እስከ 9 ይጻፋል። ለኦክቶበር፣ ለኖቬምበርና ለዲሴምበር በላቲን የመጀመሪያ ፊደላቸው ይገባል።

የአጎቴ ሰዓት ማሽኑ 6119 ነው፤ ተከታታይ ቁጥሩ በ24 ይጀምራል። በ2 የሚያልቅ ዓመት፣ አራተኛ ወር ማለት ነው። ግን የትኛው አሥርት? 1962? 1972? 1982? ቁጥሩ ብቻውን አይለይም፤ የሚለየው ማሽኑ ነው። 6119 የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ ማሽን ነው። ስለዚህ ሰዓቱ የተሠራው በኤፕሪል 1972 ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ማለቂያ ወይም ሚያዝያ 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አብዮቱ የፈነዳው በ1966 ስለሆነ አጎቴ ሊሆን የሚችል ነገር ነው የተናገረው። በእርግጥ ቁጥሩ የተሠራበትን ወር እንጂ የተገዛበትን ቀን አይናገርም። ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል?

ሁሌ እንዲህ አይቀልም። 7009 የተባለው ማሽን ብዙ ዓመት ስለተመረተ በ8 የሚጀምር ተከታታይ ቁጥር ካለው 1978ም 1988ም ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለቱንም ይዞ መቅረት ነው እንጂ ደስ ያለንን መምረጥ አያዋጣም።

የጀርባ ክዳን ግን ተነቅሎ ሌላ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ ምስክር መጨመር ያስፈልጋል። አሁን ሰዓቱን አዙረውና ከ6 ቁጥር ሥር፣ የፊቱን ጠርዝ በማጉያ መነጽር እይ። በዓይን ስታየው ጭረት የሚመስለው ነገር ጥቃቅን ጽሑፍ ነው። «ጃፓን» የሚል ቃልና እንደገና የማሽኑ ቁጥር አለበት። ይህ ቁጥር ከጀርባው ጋር መግጠም አለበት። ከሰረዙ በኋላ ያለው ክፍል ግን ከጀርባው ቢለይ አትደንግጥ፤ የፊቱ መለያ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ፊቱ እንደ አዲስ ቦግ ብሎ፣ ጽሑፉ ግን በማጉያ ሲታይ ጠርዙ የፈሰሰ ከሆነ፣ ወይም ጥቃቅኑ ኮድ ጭራሽ ከሌለ፣ እንደገና የተቀባ ፊት ነው ብለህ ጠርጥር። ገበያው ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል። እኔ በበኩሌ የጠየመውን የድሮ ፊት እመርጣለሁ።

ቀጥሎ መሙያውን ሳትስበው አዙረው። 6119ም፣ 7009ም፣ በ1996 የመጣው 7ኤስ26ም በእጅ አይሞሉም፤ ሥራው የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ከጀርባው 7009 የሚል ሰዓት መሙያው ሲዞር እየከበደ ከሞላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ማሽን ነው። ቀኑን የሚቀይርበት መንገድም ይለያል። 6119 መሙያው ወደ ውስጥ ሲጫን ቀኑን ይገፋል፤ 7009 ግን አንድ ደረጃ ተስቦ ይዞራል።

የአጎቴን ስጫነው ቀኑ ጠቅ ብሎ ተቀየረ። ፊቱም 6119 ይላል። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። መሙያው ቀፎው ውስጥ ገባ ማለት ሲገባው ወደ ውጭ ወጣ ብሏል፤ ከቀፎውም ይልቅ ያብረቀርቃል። «ይሄ ተቀይሯል እንዴ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ተነቅሎ ጠፍቶበት፣ ሰዓት ሠሪው ከመሳቢያው ፈልጎ ያገኘውን ገጥሞለት ነበር።